ጥቅጥቅ ያለ የፍልስፍና ጽሑፍ ቀስ ብሎ ማንበብ፦ በሂዩም አራተኛ ክፍል ላይ የተሠራ መመሪያ

ይድረስ ለተማሪዬ፣

«መምህር፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም» ብለህ የላክኸው ደርሶኛል። ሂዩም ላይ በደረስን ቁጥር ይኸው ጥያቄ ስለሚመጣ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ በአምስት ደቂቃ ከምመልስልህ አሠራሩን በተራ ቁጥር ጽፌ ብሰጥህ ይሻላል ብዬ ነው። ድሬዳዋ ካሉት ጓደኞችህ መካከል ለሚፈልገው ስጠው፤ ሐረር ላለችው እኅትህም ይሆናታል።

ሦስቱንም ጊዜ ያነበብከው እንደ ሃንድአውት ይመስለኛል። ሃንድአውት ላይ ያለው ዐረፍተ ነገር ሁሉ የጸሐፊው አቋም ነው፤ ከላይ ወደ ታች እያሰመርክ ብትወርድ ብዙ አትሳሳትም። የሂዩም ጽሑፍ ግን ሙግት ነው። አንዱ ዐረፍተ ነገር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሌላው የተቃዋሚን ቃል ያመጣል፣ ሌላው «ለጊዜው ይሁንልህ» ብሎ ያልፋል፣ የራሱን አቋም የሚናገርበት ቦታ ትንሽ ነው። ሁሉንም በአንድ ድምፅ ካነበብከው ሰውየው ራሱን በራሱ የሚቃረን ይመስልሃል፤ ግራ የሚያጋባህም ይህ ነው። ስለዚህ እዚህ ቀስ ብሎ ማንበብ ማለት እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር በሙግቱ ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ ሳያውቁ ወደሚቀጥለው አለመሄድ ነው።

የምንሠራበት ጽሑፍ ዴቪድ ሂዩም ስለ ሰው ልጅ አእምሮ የጻፈውና በ1748 እ.ኤ.አ. የታተመው ምርመራ፣ ማለትም በኮርሱ «ኢንኳየሪ» የምንለው ነው። ከእሱም አራተኛው ክፍል፣ ሁለተኛው ንዑስ ክፍል ብቻ። አሥር አንቀጽ ነው፤ በዘመኑ እትሞች ከ4.14 እስከ 4.23 ተብሎ ይቆጠራል።

የሚያስፈልጉህ ነገሮች

- የጽሑፉ ህትመት። ቁጥር የተሰጣቸው አንቀጾች davidhume.org ላይ በነፃ አሉ። ንዑስ ክፍሉን ብቻ ወደ ዎርድ ገልብጠህ የመስመሩን ክፍተት ድርብ አድርግ፣ የቀኝ ኅዳጉን አስፋ፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደህ በአንድ ገጽ ብቻ አሳትም። ከስልክ ላይ አታንብብ፤ ኅዳግ ላይ ካልጻፍክ ሦስተኛው እርምጃ አይሠራም፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራው ይቋረጣል።
- እርሳስና ላጲስ። ሃይላይተር ቤት ይቅር። ሃይላይተር «ይህ ጠቃሚ ነው» ብቻ ይላል፤ ለምን እንደሚጠቅም አይናገርም፣ ስትሳሳትም አይጠፋም።
- አንድ ደብተር፣ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ገጽ።
- መዝገበ ቃላት፣ እስከ አራተኛው እርምጃ የማይከፈት።
- ሦስት ጠዋት፣ በእያንዳንዱ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ እና በማግስቱ አሥር ደቂቃ።

ጠዋት ያልኩት በድሬ ሙቀት ምክንያት ነው። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ከምሳ በኋላ ያለውን ለሌላ ሥራ ተወው። ሐረር ላሉት ከሰዓትም ይሆናል።

1. ጽሑፉን ቁረጥና ዐረፍተ ነገሮቹን ቁጠር

አሥሩን አንቀጽ በሦስት ከፍለው፦ ከ4.14 እስከ 4.16፣ ከ4.17 እስከ 4.19፣ ከ4.20 እስከ 4.23። በአንድ ቀን ከአንድ ቁራጭ በላይ አትንካ። ከዚያ በእርሳስ በየአንቀጹ ውስጥ ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች ከ1 ጀምረህ ቁጥር ስጣቸው። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሂዩም አንቀጽ ረጅም ነው፤ ዐረፍተ ነገሩም በነጠላ ሰረዝና በሁለት ነጥብ እየተያያዘ ይሄዳል። ቁጥር ከሌለው ዓይንህ ሳታውቀው ከባዱን ይዘልና ቀላሉ ላይ ያርፋል። በ4.16 ብዙ ተማሪ የሚያስታውሰው ዳቦውን ነው፤ ዳቦው ግን ምሳሌ ነው፣ ሙግቱ ከእሱ በኋላ ነው የሚመጣው። ቁጥር ስትሰጥ የዘለልከው ዐረፍተ ነገር ባዶ ኅዳጉን ይዞ ይታይሃል። ወደ እኔም ስትመጣ «ገጹ አልገባኝም» ከማለት «4.16፣ ዐረፍተ ነገር 7 ላይ ተያዝኩ» ብትል ሥራችን ይቀላል።

2. አንድ ጊዜ ሳታቆም አንብበህ ጥያቄውን ብቻ ፈልግ

የዕለቱን ቁራጭ መዝገበ ቃላት ሳትከፍት፣ ሳታሰምር፣ ከላይ እስከ ታች አንብበው። የማይገባህን ዝለለው። በዚህ ዙር የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ምን እየጠየቀ ነው? አንብበህ ስትጨርስ ጥያቄውን በአማርኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ደብተርህ ላይ ጻፍ።

4.14 ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሂዩም ጥያቄዎቹን በደረጃ ይደረድራቸዋል። ስላላየነው ነገር ስለ ዓለም የምንደመድመው በምን ላይ ተመሥርተን ነው? በምክንያትና ውጤት ግንኙነት ላይ። ስለዚያ ግንኙነት ያለን እውቀትስ መሠረቱ ምንድን ነው? በአንድ ቃል ተሞክሮ ይላል። እሺ፣ ከተሞክሮ ተነሥተን የምንደርስባቸው ድምዳሜዎች ሁሉ መሠረታቸው ምንድን ነው? ሦስተኛው አዲስ ጥያቄ ነው፤ የቀረው ክፍል በሙሉ የሚያጠነጥነው በእሱ ላይ ነው። ደብተርህ ላይ መግባት ያለበት ይህ ሦስተኛው ነው።

4.15 ላይ ደግሞ በዚህ ክፍል የምሰጠው አሉታዊ መልስ ብቻ ነው ብሎ ራሱ ይነግርሃል፤ ከተሞክሮ የምንደርስባቸው ድምዳሜዎች በማሰብ፣ ማለትም በአእምሮ የሙግት ሂደት ላይ የተመሠረቱ አይደሉም የሚል። «ታዲያ በምን ላይ ነው የተመሠረቱት?» የሚለውን የሚመልሰው በአምስተኛው ክፍል ነው፣ ልማድ ብሎ። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ያልያዘ ሰው የቀሩትን ስምንት አንቀጾች ሌላ መልስ እየጠበቀ ያነብባል፣ መልሱ ሳይመጣ ያልቅበታል፣ ከዚያም «አልገባኝም» ይላል። እውነቱን ለመናገር ገብቶታል፤ የሌለ ነገር ነው የፈለገው።

3. ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሥራውን ስጠው

ዋናው እርምጃ ይህ ነው፤ ከጊዜህ ግማሹን እዚህ ላይ አውለው። ኅዳጉ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ትይዩ ከአምስቱ ፊደላት አንዱን ጻፍ፦

ጥ፦ ጥያቄ ነው
አ፦ የጸሐፊው የራሱ አቋም ነው
ይ፦ «ይሁን» ብሎ የተቀበለው ነው፣ ሊከራከርበት አይፈልግም
ተ፦ የተቃዋሚ ድምፅ ነው
ም፦ ምሳሌ ነው

4.16ን አብረን እንሥራው። የሚጀምረው ተፈጥሮ ምሥጢሯን ከእኛ አርቃ መያዟ መታመን አለበት በማለት ነው፤ የምናየው የላይ የላዩን ነው፣ ነገሩ ያንን ውጤት የሚያመጣበት ኃይል ተሰውሮብናል። ይህ ይ ነው። ሁላችንም የምንስማማበት አድርጎ አስቀመጠው። ቀጥሎ ዳቦ ይመጣል፦ ቀለሙን፣ ክብደቱን፣ ጥንካሬውን የስሜት ሕዋሶቻችን ይነግሩናል፤ ሰውነትን ለመመገብ የሚያበቃውን ባሕርይ ግን ስሜትም ሆነ አእምሮ ሊነግረን አይችልም። ም።

ወረድ ብሎ ዳቦው ይመለሳል። ከዚህ በፊት የበላሁት ዳቦ መገበኝ፤ ታዲያ ከዚህ የተነሣ ሌላው ዳቦ በሌላ ጊዜ የግድ ይመግበኛል ማለት ነው? ጥ። መልሱም ወዲያው ይከተላል፦ ይህ በምንም መልኩ የግድ የሆነ አይመስልም። አ። ከዚያ እንዲህ ይላል፤ ቢያንስ ቢያንስ አእምሮ እዚህ አንድ እርምጃ መራመዱንና ያ እርምጃ ማብራሪያ እንደሚፈልግ መታመን አለበት። ይህን አንዳንዱ ተማሪ ይ ይለዋል፣ አንዳንዱ አ። ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ ቆም ብለህ ማመንታትህ ነው የሚጠቅመው።

አሁን ወደ ወሳኙ ቦታ ደረስን። ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አንደኛው፦ እንዲህ ያለ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ውጤት ሲከተለው አግኝቻለሁ። ሁለተኛው፦ በመልክ የሚመስሉት ሌሎች ነገሮችም ተመሳሳይ ውጤት እንደሚከተላቸው አስቀድሜ አያለሁ። ከዚያ «አይ ሻል አላው፣ ኢፍ ዩ ፕሊዝ» ብሎ ይጀምርና፣ ሁለተኛው ከአንደኛው በትክክል ሊወሰድ ይችላል፣ እንዲያውም ሁልጊዜ እንደሚወሰድ አውቃለሁ ይላል። እዚህ ላይ ትልቅ ይ ጻፍ፤ ብታከብበውም ደግ ነው። ሂዩም ነገ ዳቦ ይመግበኛል ብለህ ማሰብህን ስህተት አላለም። የሚከራከረው በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለው ነው፦ ይህን መውሰድ በሙግት ሰንሰለት ነው የማደርገው የምትል ከሆነ ሰንሰለቱን አምጣና አሳየኝ። በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት በቀጥታ የሚታይ አይደለም፤ አገናኝ ያስፈልገዋል፤ አገናኙ አለ የሚል ሰው የማቅረቡ ሸክም የእሱ ነው። አ፣ አ፣ አ።

ያቺን ይ የሳተ ሰው ፈተና ላይ «ሂዩም የወደፊቱን መገመት አይቻልም ይላል» ብሎ ይጽፋል። ዐረፍተ ነገሩን አንብቦታል፣ ቃላቱንም ያውቃቸዋል፤ ሥራውን ግን አላየም።

የተ ምልክት በብዛት የሚያስፈልግህ በሦስተኛው ቀን 4.21 ላይ ነው። «ሹድ ኢት ቢ ሴድ» ወይም «ዩ ሴይ» የሚሉ ሐረጎች ሲመጡ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። «ኑሮህ ራሱ ጥርጣሬህን ያፈርሰዋል» የሚለው ቃል የተቃዋሚው ነው፤ የሂዩም መልስ ቀጥሎ ይመጣል፦ የጥያቄዬን ዓላማ ስተኸዋል፤ እንደሚኖር ሰው በነገሩ ረክቻለሁ፣ እንደ ፈላስፋ ግን የዚህን ድምዳሜ መሠረት ማወቅ እፈልጋለሁ።

4. ሸክም የተሸከሙትን ቃላት ብቻ ፍታ

አሁን መዝገበ ቃላቱን ክፈት፣ ግን ለአንድ ቁራጭ ከአምስት ቃል በላይ አትፈልግ። ቃሉ ሸክም ተሸክሟል የሚባለው አ ወይም ጥ ባልካቸው ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ካለና ብታወጣው ዐረፍተ ነገሩ ከፈረሰ ነው። ም ውስጥ ያለ እንግዳ ቃል ይቆይ።

መዝገበ ቃላቱን ከማየትህ በፊት ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ፈትቶት እንደሆነ ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ «ኦር» ከምትለው ቃል በኋላ ፍቺው አለ። 4.18 ላይ ማሰብ ሁሉ ሁለት ዓይነት ነው ይልና፣ የሐሳቦችን ግንኙነት የሚመለከተውን «ዴሞንስትሬቲቭ»፣ ሌላውን «ሞራል» ይለዋል። ሁለተኛውን መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልግ ሥነ ምግባር ይልሃል፤ ከዚያ በኋላ አንቀጹ በሙሉ ይዘበራረቅብሃል። ሂዩም ግን እዚያው ፈትቶታል፦ ስለ ሁነትና ስለ መኖር የሚደረግ ማሰብ ማለቱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አንቀጹን በሙሉ ወደ አማርኛ ለመተርጎም አትነሣ። ትጉህ ተማሪዎች የሚወድቁበት ወጥመድ ነው። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ያማረ ገጽ ይወጣል፣ የትኛው ዐረፍተ ነገር አቋም የትኛው ተቃውሞ እንደሆነ ግን እንዳልታወቀ ይቀራል። በአማርኛ የሚጻፈው የምልክቱና የሙግቱ ፍሬ ነው።

5. ሙግቱን በመስመር አውርደው

ሁለተኛው ቀን የሚጠናቀቀው በዚህ ነው። የ4.18 እና የ4.19ን አ ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ወስደህ፣ በመጀመሪያ ዓመት ሎጂክ እንደተማርከው፣ መነሻዎቹን ከላይ ድምዳሜውን ከታች አድርገህ ጻፍ። ከስድስት መስመር ካለፈ ምሳሌ አስገብተህበታል። እኔ የምጠብቀው ይህን የመሰለ ነው፦

ሀ. ማሰብ ሁሉ ወይ ዴሞንስትሬቲቭ ነው፣ ወይ ስለ ሁነት ነው።
ለ. ወደፊቱ ያለፈውን እንደሚመስል በዴሞንስትሬሽን ማሳየት አይቻልም፤ የተፈጥሮ አካሄድ ቢለወጥ ተቃርኖ የለውምና።
ሐ. ስለ ሁነት የሚደረግ ማሰብ ደግሞ በምክንያትና ውጤት ላይ፣ እሱም በተሞክሮ ላይ የቆመ ነው፤ ከተሞክሮ የሚወሰድ ድምዳሜ ሁሉ ወደፊቱ ያለፈውን ይመስላል ከሚለው ግምት ይነሣል።
መ. ስለዚህ ያንኑ ግምት ስለ ሁነት በሚደረግ ማሰብ ማስረዳት በክብ መዞር ነው፤ የሚጠየቀውን ራሱን እንደተረጋገጠ መውሰድ ነው።
ሠ. ስለዚህ ግምቱን የሚያስረዳ ሙግት የለም።

ሐ ላይ ቆም በል። ሁለት ነገሮች ከዚህ አንቀጽ ውጭ የመጡ ናቸው፦ «በምክንያትና ውጤት ላይ» እና «በተሞክሮ ላይ»። ሁለቱም በ4.14 የተመለሱት የመጀመሪያና የሁለተኛ ጥያቄዎች ናቸው። 4.19 ላይ ሂዩም የዘለለ የሚመስልህ ለዚህ ነው። አልዘለለም፣ ቀድሞ የሰበሰበውን እየተጠቀመ ነው። ሙግት ተቆርጦ ሲታይህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሂድ፤ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ የጎደለው መነሻ ከሁለትና ከሦስት አንቀጽ በፊት ተቀምጧል። ለዚህ ነው የዐረፍተ ነገሩን ቁጥር ከመስመሩ ጎን እንድትጽፍ የማስገድድህ። ቁጥር ያላገኘህለት መስመር ወይ አንተ የፈጠርከው ነው፣ ወይ ጸሐፊው ሳይናገር ያለፈው ነው፤ የትኛው እንደሆነ መለየት አለብህ።

በተረፈ ለ ላይ ያሉትን ምሳሌዎች ተጠንቀቅ። ሂዩም ዛፎች ሁሉ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ይለመልማሉ፣ በሜይና በጁን ይረግፋሉ ማለት ለመረዳት የሚያስቸግር ነገር አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ስኮትላንዳዊ ነው፤ በአገሩ በዲሴምበር ዛፉ ቅጠል የለውም። የድሬዳዋውን የከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ የለመደ ሰው «ታዲያ ምን ያስደንቃል?» ብሎ ምሳሌውን ያልፈዋል፣ ነጥቡም አብሮ ያልፈዋል። ምሳሌው የተመረጠው ሆኖ የማያውቅ፣ ነገር ግን ስታስበው ተቃርኖ የሌለበት ነገር እንዲሆን ነው። ከጎኑ ያለው ምሳሌ ይሻልሃል፦ ከደመና የሚወርድ፣ በሌላው ሁሉ በረዶ የሚመስል፣ ጣዕሙ ግን ጨው ወይም ስሜቱ እሳት የሆነ ነገር።

6. በራስህ ምሳሌ ፈትነው

ምሳሌውን ከአካባቢህ ውሰድ። ጸሐፊው ያልጻፈውን ምሳሌ ሙግቱ ውስጥ አስገብተህ ማስኬድ ካልቻልክ፣ የያዝከው ቃላቱን ነው።

የድሬዳዋን ወንዝ፣ ደቻቱን ውሰድ። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። አንደኛው ዐረፍተ ነገር፦ እስካሁን በላይ በደጋው ከባድ ዝናብ ሲጥል ደቻቱ ሞልቷል። ሁለተኛው፦ ዛሬ ማታም ከባድ ዝናብ ከጣለ ይሞላል። ሁለተኛውን ከአንደኛው ትወስዳለህ? ትወስዳለህ፤ ሂዩምም ይወስዳል፣ አሸዋው ላይ ተኛ አይልህም። አሁን አገናኙን አምጣ።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «ውሃ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከደጋው ወደ ድሬ ይመጣል» ይላል። ጥሩ መልስ ነው፣ እውነትም ነው። ግን ወደ ሐ መስመር ውሰደው፦ ውሃ ነገም ወደ ታች እንደሚወርድ በምን አወቅህ? እስካሁን ሲወርድ ስላየን። ይህ ደግሞ ራሱ «እስካሁን እንዲህ ነበር» የሚለው አንደኛው ዐረፍተ ነገር ነው፤ አገናኝ ያልከው ነገር ሌላ አገናኝ ይፈልጋል። ስበትን ብትጨምርበትም ያው ነው፤ የስበት ሕግ እስካሁን ከታየው የተወሰደ ነውና። ይህን በራስህ ቃል ለክፍል ጓደኛህ ማስረዳት ከቻልክ 4.19 ገብቶሃል። ጓደኛህ ፊዚክስ የሚማር ከሆነ የተሻለ ነው፣ በቀላሉ አይለቅህም።

ሌላው መፈተኛ መሰረዝ ነው። አንድ አ ዐረፍተ ነገር በእጅህ ሸፍነህ ከአምስቱ መስመሮች የትኛው እንደሚወድቅ ተናገር። ምንም ካልወደቀ ምልክቱን ተሳስተሃል፤ ያ ዐረፍተ ነገር ም ወይም ይ ነው።

7. በማግስቱ ወረቀቱን ዘግተህ ጻፍ

በማግስቱ ጠዋት፣ አዲሱን ቁራጭ ከመጀመርህ በፊት፣ ህትመቱንም ደብተሩንም ሳትከፍት በአሥር ደቂቃ አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፍ፦ ጥያቄው፣ የተቀበለው፣ የካደው፣ ምክንያቱ፣ ተቃዋሚው ያለው። ከዚያ ከፍተህ አስተያይ። የጎደለው ይ ወይም ተ ከሆነ ወደ ሦስተኛው እርምጃ ተመለስ፤ የጎደለው ምክንያቱ ከሆነ ወደ አምስተኛው።

«ለምን ያኑ ዕለት አይሆንም?» ካልከኝ፣ አንብበህ እንደጨረስክ ሐረጎቹ ገና ጆሮህ ላይ ናቸው፤ ሐረግ መድገምና ሙግት መያዝ አይለያዩልህም። ሌሊት ሲያልፍ ሐረጉ ይረግፍና የያዝከው ይቀራል።

በርጫ ላይ ለምታነብቡት አንድ ነገር ልጨምር። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ግልጽ ሆኖ ይታያል፣ ገጽም ይሞላል። ያን ጊዜ የተጻፈ ማስታወሻ በማግስቱ በዚህ ፈተና ሳያልፍ ወደ ደብተር አይግባ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው የሂዩም ሙግት ሳይሆን የጻፈው ሰው ስለ ሂዩም የተሰማው ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

«ሂዩም ፀሐይ ነገ አትወጣም ይላል።» አላለም። በ4.2 ያለው፣ አትወጣም የሚለው ዐረፍተ ነገር ትወጣለች ከሚለው ያነሰ ትርጉም ወይም የበለጠ ተቃርኖ የለውም ነው። ይህ ስለ ዐረፍተ ነገሩ ዓይነት የተነገረ ነው፤ ስለ ነገ ጠዋት የተሰጠ ትንበያ አይደለም። ስህተቱን የምታውቀው መልስህ ውስጥ «ይቻላል» የነበረው «ይሆናል» ሆኖ ስታገኘው ነው።

በአራተኛው ክፍል መልስ ውስጥ ልማድን ማስገባት። ትክክለኛ ፍልስፍና፣ የተሳሳተ ቦታ። ጥያቄው ስለ አራተኛው ክፍል ከሆነ አሉታዊው መልስ ላይ አቁም።

ከማጠቃለያ መጀመር። ዩቲዩብ ወይም ሞጁል ቀድመህ ካየህ፣ ጽሑፉን ስታነብ የምትፈልገው የሰማኸውን ነው፣ ታገኘዋለህም። የ4.16 ይ በማጠቃለያዎች ውስጥ መጀመሪያ የሚወድቀው ነገር ነው። ማጠቃለያ ከሰባተኛው እርምጃ በኋላ ይታይ፣ ያን ጊዜ የት እንደሳተ አንተ ትነግረዋለህ።

ለሌሎች ጽሑፎች

ፕላቶ ላይ ተናጋሪው በስም ስለተጻፈ ተ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሶቅራጥስ የሚጠይቀው ሁሉ አቋሙ አይደለም፣ ስለዚህ ጥ እና አ ላይ ጥብቅ ሁን። ካንት ላይ የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ሌላ ነው፤ ምልክት ከማድረግህ በፊት ዋናውን ግሥና ባለቤቱን አስምር፣ ቁራጩንም ወደ አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ አውርደው። በአጫጭር ቁርጥራጭ አባባል በተጻፉ መጻሕፍት ላይ አምስተኛው እርምጃ ብዙም አይረዳህም፤ የሚወርድ መስመር የላቸውም።

ማክሰኞ ስትመጣ የ4.16ን ህትመት ከነምልክቱ፣ አምስቱን መስመሮች ከነቁጥራቸው ይዘህ ና። 4.20ንም አንብበህ ና። እዚያ ሂዩም ከእንቁላል የበለጠ የሚመሳሰል ነገር የለም፣ ሆኖም በዚህ መመሳሰል ብቻ ከሁሉም አንድ ዓይነት ጣዕም የሚጠብቅ የለም ይላል። ከዚያ ከአንድ ጊዜ የማይወሰደውን ድምዳሜ ከመቶ ጊዜ የሚወስደው የማሰብ ሂደት የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃል። መቶው ከአንዱ የሚለየው በምንድን ነው? መልስህን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፈው፣ ከአምስቱ መስመሮች የትኛውን እንደሚነካ ደግሞ ከጎኑ ምልክት አድርግ።

መምህርህ